ልኬቱ ከመወሰዱ በፊት፦ ለጥርስ ክሊኒክ ሥራ አስኪያጅ የሚጻፍ የክፍያ ጥያቄ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የግል ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ። ደመወዜ ተቆራርጦ 15,500 ብር እጄ ይገባል። ቀኝ የታች መንጋጋዬ ሌሊት አያስተኛኝም። ክሊኒክ ስሄድ ለሁለት መንጋጋ ሩት ካናልና ክራውን የሚባል ክዳን፣ ላይ ደግሞ በተነቀለው ጥርሴ ቦታ ብሪጅ ያስፈልግሻል ተባልኩ። ሩት ካናል አንዱ 7,000፣ ክራውን አንዱ 12,000፣ ብሪጁ ባለ ሦስት ጥርስ ስለሆነ 36,000፤ በድምሩ 74,000 ብር ነው። ሐኪሙ የቀኙ አስቸኳይ ነው፣ የግራው ግን ጊዜያዊ ሙሌት ስላደረግኩለት ትንሽ ይታገሳል ብሎኛል። 18,000 ብር አጠራቅሜያለሁ። ጥር ላይ የ20,000 ብር ዕቁብ አለኝ። በየወሩ 6,000 ልክፈል ብዬ ስጠይቅ እንግዳ ተቀባይዋ «እኛ ጋ ዱቤ የለም» አለችኝ። ለሥራ አስኪያጁ ደብዳቤ ልጽፍ ነው፤ ምን ብዬ ልጻፍ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከደብዳቤው በፊት አንድ ነገር። ሌሊት የሚያስለቅስ ጥርስ ደብዳቤ አይጠብቅም። ካጠራቀምሽው 18,000 ላይ 7,000ውን ይዘሽ ሂጂና የቀኙን ሩት ካናል አስጀምሪ። ለዚህ የማንም ፈቃድ አያስፈልግሽም። ጥርሱ ተከፍቶ የታመመው ነርቭ ከወጣ ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ ይቀንሳል። አንቺም ተኝተሽ ባደርሽ ጭንቅላት ትጽፊያለሽ። ሥራ አስኪያጁ ደግሞ ካርድሽን ሲያወጣ ከፍላ የጀመረች ታካሚ ያገኛል። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ።

እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የግል የጥርስ ክሊኒክ ለ11 ዓመት ሥራ አስኪያጅ ነበርኩ። እንደ አንቺ ያለ ደብዳቤ በብዛት አንብቤያለሁ። ብዙውን እምቢ ብያለሁ፤ እምቢ ስል ደግሞ ደስ ብሎኝ አልነበረም። ስለዚህ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ምን እንደሚያይ ልንገርሽ። እሱን ካወቅሽ ደብዳቤው ራሱ ይወጣል።

ቢሮዬ ውስጥ አንድ ቁም ሳጥን ነበር። በታችኛው መደርደሪያ ላይ የጀሶ ቅርጾች ተደርድረዋል። እያንዳንዱ የአንድ ሰው መንጋጋ ነው። በወረቀት ፕላስተር ላይ የካርድ ቁጥር ተጽፎበታል። ጀሶው ላይ ደግሞ የተሠራለት ክራውን ቁጭ ብሏል፤ ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ፣ አቧራ የጠጣ። ልኬት ተወስዶላቸው፣ ላብራቶሪ ሠርቶ ልኮ፣ ባለቤቶቻቸው ሳይመጡ የቀሩ ናቸው። ገንዘብ አጥተው ነው የቀሩት፤ ወይም አፍረው። ክራውን ለአንድ ጥርስ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ለሌላ ሰው አይሆንም። እኛ ግን የላብራቶሪውን ሒሳብ ከፍለናል።

የሥራ አስኪያጁ ስጋት እዚያ መደርደሪያ ላይ ነው ያለው። አንቺ ድሃ ትሆኚያለሽ ብሎ አይሰጋም። የሚሰጋው ገንዘቡ ከክሊኒኩ ወጥቶ አንቺ ሳትመለሺ እንዳትቀሪ ነው። ሩት ካናል ላይ የሚወጣው በዋናነት የሐኪሙ ጊዜና ጥቂት ዕቃ ነው። ክራውንና ብሪጅ ላይ ግን ልኬቱ ከተወሰደ በኋላ ላብራቶሪ ይከፈላል። ክራውኑ የሚሠራበት ዚርኮኒያም ከውጭ የሚመጣ ነው። ሐኪሙም እኔ እንደሠራሁበት ቤት በፐርሰንት የሚሠራ ከሆነ ድርሻውን ወር ሲያልቅ ይፈልጋል፤ አንቺ ከፈልሽም አልከፈልሽም። አፍ ውስጥ የተለጠፈ ክራውን ደግሞ እንደ ቴሌቪዥን ተመልሶ አይወሰድም።

አሁን ያቀረብሽውን ሐሳብ በዚህ ዓይን እዪው። ሥራው ሁሉ ባንዴ ከተጀመረ በአንድ ወር ተኩል ገደማ ሊያልቅ ይችላል። በዚያ ጊዜ የከፈልሽው 12,000 ብር ነው። ክሊኒኩ 62,000 ብር ያበድርሻል ማለት ነው፤ አይቶ ለማያውቀው ሰው። እንግዳ ተቀባይዋ «ዱቤ የለም» ያለችው ለዚህ ነው። በዚያ መልኩ ቢቀርብልኝ እኔም እምቢ እል ነበር።

መፍትሔው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ሕክምናውንም መከፋፈል ነው። እያንዳንዱ ልኬት ከመወሰዱ በፊት የላብራቶሪው ገንዘብ ክሊኒኩ እጅ ይግባ። ያንቺን ቁጥሮች ወስጄ እንዲህ አሰላሁት።

መጀመሪያ ወርሃዊውን ከ6,000 ወደ 5,000 አወረድኩት። ከ15,500 ላይ 6,000 ሲወጣ የቤት ኪራይና አስቤዛ ሦስተኛው ወር ላይ ይጠይቁሻል። ትንሽ ገንዘብ ሳያቋርጡ መክፈል፣ ብዙ ብሎ ጀምሮ ከማቋረጥ በጣም ይሻላል። ሥራ አስኪያጁም 15,500 የሚያገኝ ሰው 6,000 እከፍላለሁ ሲል በሆዱ «አትችይም» ይላል።

ከዚያ የጥርሱ ተራ። ቀኙ ሩት ካናሉም ክራውኑም በጥቅምት ይለቅ። ሩት ካናል የተደረገለት መንጋጋ ያለ ክራውን ብዙ መቆየት የለበትም። ጥርሱ ብዙ አካሉን በመበስበስና በመቦርቦር አጥቷል፤ ጠንካራ ነገር ሲነከስበት ይሰነጠቃል። ስንጥቁ ወደ ሥሩ ከወረደ የሚቀረው መንቀል ነው። 7,000 ብሩም አብሮ ይነቀላል። ጊዜያዊው ሙሌትም ለሳምንታት እንጂ ለወራት የተሠራ አይደለም፤ ሲቆይ በጠርዙ ምራቅና ተህዋስ ያስገባል። ብዙ ሰው ገንዘብ ለመቆጠብ ሁለቱንም ሩት ካናል አስጨርሶ ክራውኑን «ስናገኝ» ይላል። ያ ቁጠባ ጥርስ ያስነቅላል። አንዱን ጥርስ እስከ ክራውኑ ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ይሻላል።

የግራው በታኅሣሥና በጥር ይሠራ። «ትንሽ ይታገሳል» የሚለው ግን ለስንት ጊዜ እንደሆነ ሐኪሙን ቁርጡን ጠይቂው። እስከ ታኅሣሥ አይቆይም ካለ ሁለቱንም ሩት ካናል አሁን አሠሪ፤ 14,000 ነው፤ 18,000ው ይሸፍነዋል። የቀኙ ክራውን ወደ ህዳር ይሸጋገራል። የቀረው ዕቅድ ብዙም አይናጋም። እስከዚያ የግራው ካመመሽ፣ ካበጠ ወይም ሙሌቱ ከወደቀ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሂጂ።

ብሪጁ የመጨረሻው ይሁን። ለብሪጅ ከክፍተቱ ግራና ቀኝ ያሉት ጥርሶች ይሞረዳሉ። አንዴ ከተሞረዱ መመለሻ የለም፤ ክዳን የግድ ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ ገንዘቡ መሃል ላይ ቢቋረጥ ከሁሉም በላይ የሚጎዳሽ ብሪጁ ነው። ጥርስ የጎደለበት ቦታ ጥቂት ወራት መቆየቱን ሐኪሙ ከፈቀደ፣ እዚያ ላይ መታገስ ያዋጣል።

ደብዳቤው እንዲህ ይሁን። ቀኖቹን እንዳንቺ ሁኔታ አስተካክያቸው።

ቀን፦ መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለ………… የጥርስ ክሊኒክ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የ74,000 ብር የጥርስ ሕክምና በደረጃ እንዲሠራልኝና ክፍያውን እስከ ሰኔ 3 ቀን 2018 ዓ.ም. እንዳጠናቅቅ ስለመጠየቅ

እኔ የካርድ ቁጥሬ ………… የሆነ የክሊኒኩ ታካሚ ስሆን፣ ለሁለት የታች መንጋጋ ሩት ካናልና ክራውን፣ እንዲሁም ለላይኛው ባለ ሦስት ጥርስ ብሪጅ እንደሚያስፈልገኝ በሐኪሜ ተወስኗል። የሕክምናው ዕቅድ ተያይዟል። የቀኙን ሩት ካናል 7,000 ብር ከፍዬ ጀምሬያለሁ። ቀሪውን 67,000 ብር ባንድ ጊዜ መክፈል ስለማልችል፣ ሐኪሜ በተስማማበት ቅደም ተከተል ሥራው በደረጃ እንዲሠራልኝ እጠይቃለሁ።

ጥቅምት 3 ቀን 11,000 ብር እከፍላለሁ፤ የቀኙ ክራውን ልኬት ይወሰድልኝ።
ህዳር 3 ቀን 5,000 ብር፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 5,000 ብር እከፍላለሁ፤ የግራው ሩት ካናል በታኅሣሥ ይሠራልኝ።
ጥር 3 ቀን 5,000 ብር፣ ጥር 20 ቀን 20,000 ብር እከፍላለሁ፤ የግራው ክራውን በጥር ይሠራልኝ።
የካቲት 3 ቀን 5,000 ብር እከፍላለሁ፤ የብሪጁ ሥራ በዚህ ቀን ይጀመርልኝ።
የሚቀረውን 16,000 ብር መጋቢት 3 ቀን 5,000፣ ሚያዝያ 3 ቀን 2,000፣ ግንቦት 3 ቀን 5,000፣ ሰኔ 3 ቀን 4,000 ብር እያደረግኩ እጨርሳለሁ።

በዚህ አከፋፈል የትኛውም ልኬት ከመወሰዱ በፊት ከሥራው ዋጋ ከግማሽ በላይ ለክሊኒኩ ገቢ ይሆናል። የብሪጁ ሥራ ሲጀመር የሌላው ሕክምና ሒሳብ ተዘግቶ ለብሪጁ 20,000 ብር ተከፍሎ ይገኛል።

የክፍያ ቀን ካለፈኝ ቀሪው ሥራ እስክከፍል ድረስ እንዲቆም እስማማለሁ። የሁለቱ ክራውኖች ዋጋ ዛሬ በተሰጠኝ እንዲጸናልኝ፣ የብሪጁ ዋጋ ከተለወጠ ደግሞ ጥርሶቼ ከመሞረዳቸው በፊት እንዲነገረኝ እጠይቃለሁ። በሕክምና ምክንያት ዕቅዱ ከተቀየረ የከፈልኩት ገንዘብ በምትኩ ለሚሠራው ሥራ እንዲታሰብልኝ እጠይቃለሁ።

የመሥሪያ ቤቴን የሥራና የደመወዝ ማረጋገጫ ደብዳቤ እንዲሁም የመታወቂያዬን ኮፒ አያይዣለሁ። ቀኖቹ በሙሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ከሠላምታ ጋር
ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ

ለምን እንዲህ እንደተጻፈ ላስረዳሽ። ሥራ አስኪያጁ በልቡ የሚያሰላው «በየትኛው ቀን ስንት ብር ባዶ እጄን እቀራለሁ?» የሚለውን ነው። በጥቅምት መጨረሻ 19,000 ብር የሚያወጣ ሥራ ተሠርቶልሽ 18,000 ከፍለሻል፤ ልዩነቱ 1,000 ብር ነው። በታኅሣሥ ሥራው 26,000፣ የከፈልሽው 28,000 ይሆናል። በጥር ሥራው 38,000፣ የከፈልሽው 53,000። ዕዳ የሚመጣው ብሪጁ ከተለጠፈ በኋላ ብቻ ነው። እሱም 16,000 ብር ነው። በዚያ ጊዜ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ አምስት ወር ሙሉ በቀኗ ስትከፍል ያያት ሰው ነሽ። 62,000ው ወደ 16,000 የወረደው አንድ ብር ሳትጨምሪ ነው፤ ተራውንና የክፍያውን ጊዜ በማስተካከል ብቻ።

ሚያዝያ 3 ላይ 2,000 ብቻ ያደረግኩት አውቄ ነው። በ2018 ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው። የመጋቢት ደመወዝ ወዴት እንደሚሄድ አንቺም እኔም እናውቃለን። በዋዜማው 5,000 እከፍላለሁ ብለሽ ከምትቀሪ ከአሁኑ ዝቅ አድርገሽ መጻፍ ይሻላል። ሥራ አስኪያጁም ሲያየው «ይቺ ሴት ኑሮዋን አስልታ ነው የመጣችው» ይላል።

«በኢትዮጵያ አቆጣጠር» የሚለው መስመር ትርፍ እንዳይመስልሽ። ደመወዝ በአገራችን ወር የሚከፍል አለ፤ በፈረንጅ ወር የሚከፍልም አለ። «በ3 እከፍላለሁ» የሚል ሰውና የክሊኒኩ ሒሳብ ሠራተኛ ሳይግባቡ ሲጨቃጨቁ ብዙ ጊዜ ገላግያለሁ።

ዕቁቡን በተመለከተ ተጠንቀቂ። ጥር 20 ብዬ የጻፍኩት ተራሽ የታወቀ ነው ብዬ ነው። ዕጣው በየጊዜው የሚወጣ ከሆነና ያንቺ ገና ካልወጣ፣ ያንን 20,000 በቀን ቆርጠሽ አትጻፊ። ዳኛውን አነጋግሪ፣ ወይም ተራው ከደረሰው ሰው ጋር ተለዋወጪ። ካልተሳካ ብሪጁን ወደፊት ግፊው። የግራው ክራውን በወርሃዊው 5,000 ሊሸፈን ይችላል፤ ብሪጁ ግን ያለ ዕቁቡ መጀመር የለበትም።

ዋጋው ላይ ደግሞ ለሁለታችሁም የሚሆን መሃል ነጥብ ነው የያዝኩልሽ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ በሚገባ ዕቃ የሚሠራ ክሊኒክ የዛሬን ዋጋ ለአምስት ወር ማሰር ይፈራል። የክራውኖቹ ይጽናልኝ፣ የብሪጁ ከተለወጠ ቀድሞ ይነገረኝ ማለት አስቸጋሪ ጥያቄ አይደለም። አንቺም ጥርስሽ ከተሞረደ በኋላ ዋጋ ጨመረ እንዳትባይ ይጠብቅሻል።

ደብዳቤው ውስጥ ያላስገባኋቸው ነገሮችም አሉ። አንደኛው ቅናሽ ነው። ቅናሽና የክፍያ ጊዜ ባንድ ወረቀት አትጠይቂ። ሥራ አስኪያጁ ሁለት ጥያቄ ሲያይ ቀላሉን መርጦ 2,000 ብር ቀንሶልሽ ይሸኝሻል። ያንቺ ችግር ግን ጊዜ ነው። ሌላው የኑሮ ታሪክ ነው። ልጅ ማሳደጉ፣ እናትን መርዳቱ፣ የኪራዩ መጨመር፤ ሁሉም እውነት ነው፣ ሳነብም ያሳዝነኝ ነበር። ግን ታሪኩ በረዘመ ቁጥር «ይህን ሁሉ ተሸክማ እኔን እንዴት ትከፍለኛለች?» የሚል ጥያቄ ያስነሳል። «ሌላ ክሊኒክ በዚህ ያህል ይሠራል» የሚለውንም ተይው፤ «እንግዲያው እዚያ ሂጂ» ከሚል መልስ በቀር አያመጣም።

ምናልባት ዋስትና ስጪ ትባያለሽ። ለ16,000 ብር የሥራ ማረጋገጫሽ መብቃት አለበት ባይ ነኝ። ካልተስማሙ ደመወዝተኛ የሆነ አንድ ባልደረባሽ ዋስ ሆኖ ይፈርም። ቼክ ግን አትስጪ። «የወደፊት ቀን ጻፊበትና እኛ ጋ ይቀመጥ» ይሉሽ ይሆናል። ቼክ በቀረበበት ቀን የሚከፈል ሰነድ ነው፤ የጻፍሽው የወደፊት ቀን አያስቆመውም። ስንቅ ሳይኖረው ባንክ ከቀረበ ደግሞ ነገሩ ተራ ዕዳ መሆኑ ይቀራል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ያስጠይቃል። ለጥርስ ብለሽ እዚያ ውስጥ አትግቢ።

አሰጣጡ እንዲህ ይሁን። ከማስገባትሽ በፊት ደብዳቤውን ለሐኪምሽ አሳዪው፤ ቅደም ተከተሉን ካመነበት በሕክምና ዕቅዱ ላይ አንድ መስመር ጽፎ ይፈርምልሽ። እኔ የሐኪም ፊርማ ሳይ ግማሹ ሥራ አልቆልኛል። ሁለት ኮፒ ያዢ። አንዱን ለሥራ አስኪያጁ በእጅ ስጪ፤ በሁለተኛው ላይ ተቀባዩ ቀን ጽፎ ይፈርምበት። ቅዳሜ አትሂጂ፤ ቅዳሜ ክሊኒክ ገበያ ነው። በአዘቦት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ሰው ሲቀንስ ግቢ። ሥራ አስኪያጁ በቃል «እሺ፣ ችግር የለም» ካለሽ አመስግነሽ እዚያው ወረቀቱ ላይ «ተፈቅዷል» ብሎ እንዲፈርምና ማኅተም እንዲያደርግበት ጠይቂ። ሥራ አስኪያጅ ይለወጣል። አዲሱ ሰው የቃል ስምምነት አያውቅም። በከፈልሽ ቁጥር ደረሰኝ ውሰጂ፤ ቀሪውን ሒሳብም ካርድሽ ላይ እንዲጽፉልሽ አድርጊ።

አንድ ወር ቢከብድሽ ቀኑ ከማለፉ በፊት ደውዪ። «3 ቀን አልሞላልኝም፣ በ12 አመጣለሁ» ብሎ አስቀድሞ የሚደውልን ሰው ሒሳብ ዘግቼ አላውቅም። ስልኩን ያጠፋውን ነው የዘጋሁት።

ሙሉውን እምቢ ካለሽ ደግሞ አትሟገቺ። የቀኙን ጥርስ ብቻ ጠይቂው። ሩት ካናሉን ከፍለሻል። ለክራውኑ በልኬቱ ቀን 11,000 ትሰጪዋለሽ፤ 1,000ውን ክራውኑ ሲለጠፍ። ለዚህ እምቢ የሚል ሥራ አስኪያጅ አይገኝም። ያ ጥርስ ካለቀ በኋላ ህዳር ላይ ይህንኑ ደብዳቤ ከግራው ጀምረሽ እንደገና ጻፊለት።